የማርፈድ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ፦ የአንድ መጋዘን ጉዳይ

ጉዳዩ የተነሳበት ቦታ

ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው። ሴራሚክ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ያስመጣል፤ ለሱቆች ያከፋፍላል። መጋዘኑ ልደታ አካባቢ ነው። እኔ በጊዜው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም።

ጉዳዩ የመጋዘኑን ስቶርኪፐር ይመለከታል። ድርጅቱ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቷል። በቆጠራ አንድም ጊዜ ጉድለት አልተገኘበትም። ሥራውን የሚያውቅ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ያረፍዳል።

ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ሩብ ሰዓት ቢያረፍድ ላይታወቅ ይችላል። ስቶርኪፐር ግን ቁልፍ ይዟል። የሥራ መግቢያ 2:00 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ሁለት አይሱዙዎች በር ላይ ቆመዋል። ጫኝና አውራጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ሾፌሮቹ የመጀመሪያውን ጭነት ቶሎ ካላደረሱ ሁለተኛው ዙር ወደ ከሰዓት ይገፋል። ደንበኛው ይደውላል፣ ሽያጭ ክፍል ይጮኻል፣ የኦፕሬሽን ኃላፊው ደግሞ ደሙ ይፈላል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃው የአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

የኦፕሬሽን ኃላፊው ለረጅም ጊዜ በቃል ሲናገር ነበር። ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቅጽ ላይ አስፍሯል፤ ሠራተኛውም ፈርሟል። ይህ ወረቀት ኋላ ላይ በጣም ጠቅሞናል። በሳምንቱ፣ ኅዳር 29፣ ትዕግሥቱ አለቀና ደብዳቤ ራሱ ጻፈ። ለሰው ሀብት አላሳየም። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ይል ነበር፦

«በተደጋጋሚ ቢመከሩም ቢዘከሩም ለሥራዎ ባለዎት ግድየለሽነት ምክንያት በየጊዜው እያረፈዱ ድርጅቱን ለከፍተኛ ኪሳራ እየዳረጉ ይገኛሉ። ስለሆነም ከዚህ ድርጊትዎ እንዲታቀቡ እየገለጽን፣ ይህ ካልሆነ ድርጅቱ አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ የሚወስድ መሆኑን በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እናሳስባለን። በተጨማሪም የግማሽ ቀን ደመወዝዎ እንዲቀነስ ተወስኗል።»

ሠራተኛው አንብቦ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። «አልፈርምም» አለ። ኃላፊው «ባትፈርምም ፋይልህ ውስጥ ይገባል» አለው። ነገሩ በዚህ ተቋረጠ። ታኅሣሥ 1 እና ታኅሣሥ 8 እንደገና አረፈደ። በማግስቱ ኃላፊው ወደ እኛ ቢሮ መጥቶ «ይሄን ሰውዬ አሰናብቱልኝ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል» አለ።

ደብዳቤውን ያየሁት ያኔ ነው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አገራችን ውስጥ በየቢሮው ይጻፋል። ቋንቋው ያስፈራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መቼ አረፈደ? አይልም። ስንት ደቂቃ? አይልም። የትኛው ደንብ ተጣሰ? አይልም። «አስፈላጊው ሕጋዊ እርምጃ» ምንድን ነው? ያልተጻፈ ነገር ነው። ሠራተኛው ነገ ክስ ቢመሠርት፣ ዳኛው ፊት ይህን ወረቀት ይዞ የሚቀርብ ነገረ ፈጅ የሚያስረዳው ነገር አይኖረውም።

ከዚያም በላይ ሁለት የደንብ ስህተት ነበረበት። የድርጅቱ የውስጥ የሥራ ደንብ እንዲህ ይላል። አንድ ሠራተኛ በወር ውስጥ በተደጋጋሚ ካረፈደ የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ከደገመው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ አሁንም ከደገመው የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ኃላፊው ከቃል ተነስቶ በአንዴ «የመጨረሻ» ላይ ወጣ። መሃል ያለውን ዘለለው።

ሁለተኛው የደመወዙ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ላይ መቀነስን የሚፈቅደው ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የእኛ ደንብ ስለ ማርፈድ ሲናገር የደመወዝ ቅጣት የሚል ነገር የለውም። ሠራተኛው አልተስማማም። ስለዚህ ግማሽ ቀኑ ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛው ድርጅቱ ይሆን ነበር። ደግነቱ የወሩ ደመወዝ ገና አልተሠራም። ለሒሳብ ክፍል ደውለን አስቆምነው።

ሕጉ ስለ ማርፈድ የሚለው

በቀድሞው አዋጅ፣ በቁጥር 377/1996፣ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ ካረፈደ ውሉ ሊቋረጥ ይችል ነበር። «በተደጋጋሚ» ስንት ጊዜ ነው? ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። አዲሱ አዋጅ ቁጥሩን አስቀመጠ። አንቀጽ 27 ላይ፣ ሠራተኛው ስለ ችግሩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ካላከበረ፣ አሠሪው የሥራ ውሉን ወዲያው ሊያቋርጥ ይችላል። በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል በቂ ተብሎ የታወቀ ምክንያት ካለው ግን አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ስምንቱ ብቻውን አይበቃም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አብሮ መኖር አለበት። ሃያ ጊዜ ያረፈደ ሰው፣ በጽሑፍ ምንም ካልደረሰው፣ በዚህ አንቀጽ አይሰናበትም። ሁለተኛ፣ አሠሪው የማሰናበቻ ምክንያት መኖሩን ካወቀ በኋላ ባሉት 30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። «ለሌላ ጊዜ ትዝ ይበለኝ» ብሎ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረን። ከማስጠንቀቂያው በፊት የነበሩት ቀናት ከስምንቱ ይቆጠራሉ? የአንቀጹ መንፈስ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ያልተመለሰ ሰውን ነው የሚያነሳው። ከድርጅቱ ነገረ ፈጅ ጋር ተነጋግረን ከደብዳቤው በኋላ ያሉትን ብቻ ለመቁጠር ወሰንን። ለድርጅቱ ጠበቅ ያለ ስሌት ነው። ፍርድ ቤት የማይጥለው ስሌት ግን እሱ ነው።

ዘጠኙ ቀን አምስት ሲሆን

ኃላፊው ከአሻራ ማሽኑ ላይ ዝርዝር አስወጥቶ ነበር። ከኅዳር 3 እስከ ታኅሣሥ 8 ዘጠኝ ቀን አርፍዷል ይላል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ደብዳቤውን እንደገና መጻፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ ሠራተኛውን ጠራነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን ከሰዓት ቢሮ ገባ። ዝርዝሩን ሰጠነው። በጣቱ እያስከተለ አነበበና «ማሽኑ እኮ ይቀድማል» አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ እንሰማለንና ብዙም አልደነቀንም። «የጥበቃ መዝገቡን እዩት» ሲል ግን ተነስተን በር ላይ ሄድን።

ጥበቃዎቹ ቁልፍ ሲያስረክቡ ሰዓት ይጽፋሉ። መዝገቡ ጠርዙ የተበላ፣ በእስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ነው። ኅዳር 24 ማሽኑ 2:38 ይላል፤ መዝገቡ 2:32። ታኅሣሥ 1 ማሽኑ 2:29፤ መዝገቡ 2:23። ሌሎቹንም አየናቸው። ልዩነቱ ሁሌም ስድስት ደቂቃ ነው። ከዚያ የማሽኑን ሰዓት ከስልካችን ጋር አስተያየነው፤ በትክክል ስድስት ደቂቃ ይቀድማል። ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር አልተያያዘም፤ ሰዓቱን የሚሞላው ሰው ነው። መቼ እንደተሞላ የሚያስታውስ አልተገኘም።

ደንባችን ደግሞ አሥር ደቂቃ ይታገሳል። እስከ 2:10 የገባ ሰው አርፋጅ አይባልም። ስድስት ደቂቃ ሲቀነስ ኅዳር 3 የነበረው 2:14 ወደ 2:08 ወረደ። ኅዳር 17 የነበረው 2:15 ወደ 2:09፣ ኅዳር 28 የነበረው 2:12 ወደ 2:06 ወረደ። ሦስቱም ከዝርዝሩ ወጡ። ስድስት ቀረ።

ከስድስቱ አንዱ ኅዳር 11 ነው፤ 2:16 ላይ ገብቷል። ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ የቴሌግራም መልእክት አሳየን። በዋዜማው ማታ ለኃላፊው «ልጄን አሞታል፣ ነገ ጤና ጣቢያ አድርሼ ትንሽ አረፍዳለሁ» ብሎ ጽፏል። መልሱ «እሺ» ነው። ፈቃድ ማለት ይኸው ነው። ኃላፊው ሲጠየቅ «ረስቼው ነው» አለ፤ ውሸትም አይመስለኝም። ይህም ወጣ። አምስት ቀረ።

አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ኅዳር 7፣ ኅዳር 21፣ ኅዳር 24፣ ታኅሣሥ 1፣ ታኅሣሥ 8። ከጎናቸው የሳምንቱን ቀን ጻፍን። ዓርብ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ።

ኃላፊው በደብዳቤው «በየጊዜው» ያለው ነገር በየጊዜው አልነበረም። ሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ሠራተኛውን «ሰኞና ዓርብ ምን አለ?» አልነው። ትንሽ ዝም አለ። ባለቤቱ ሆስፒታል በጽዳት ትሠራለች። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሰኞና ዓርብ የጠዋት ተረኛ ሆናለች፤ ከቤት የምትወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ አያት አካባቢ ነው፤ ግቢው የሚከፈተው 1:30 ላይ ነው። ከዚያ ቀላል ባቡር ይይዛል። ባቡሩ ቶሎ ከመጣ 2:10 ሳይሞላ ይደርሳል። ካልመጣ ወይም ሞልቶ ካለፈው ደግሞ 2:20 እና 2:30 ይሆናል። የባለቤቱ እህት ልጁን ባደረሰችባቸው ቀናት በሰዓቱ ገብቷል።

«ለምን አልተናገርክም?» አልነው። «የቤቴን ነገር ለምን እናገራለሁ» አለ።

ማስጠንቀቂያው ይቅር ወይስ ይጻፍ?

ኃላፊው «እንደዚህ ከሆነ እንተወው» አለ። ልቡ ራራ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ጥያቄው ሰውየው የሚያሳዝን መሆኑ አይደለም። አምስት ቀን ያለ ፈቃድ አርፍዷል፤ በሩ ላይ አሥር ሰው ቆሟል። ችግር እንዳለው የመናገር ግዴታ ነበረበት፤ አልተናገረም። ሌላ ሠራተኛ ነገ በተመሳሳይ ሁኔታ ቢያረፍድና ለእሱ ደብዳቤ ቢጻፍ «ለእገሌ ለምን ተተወ?» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

በሌላ በኩል፣ ችግሩ በደብዳቤ ብቻ አይፈታም። ሰኞ ጠዋት ልጁን መንገድ ላይ ጥሎ አይመጣም። ስለዚህ ሁለት ነገር ለየብቻ አደረግን። ላለፈው ደብዳቤ፤ ለወደፊቱ የሰዓት ማስተካከያ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አላቀላቀልንም። ሲቀላቀሉ ማስጠንቀቂያው ድርድር ይመስላል፤ ማስተካከያውም ቅጣት ይመስላል።

ኅዳር 29 የተጻፈው ደብዳቤ በአዲሱ ደብዳቤ ላይ በግልጽ ተሻረ። ፋይል ውስጥ ሁለቱም ቢቀመጡ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ አዲስ የሰው ሀብት ባለሙያ «የመጨረሻ» የሚለውን አይቶ ቀጣዩ እርምጃ ስንብት ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ስሙን አውጥቼ ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ።

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለአቶ .............
የመጋዘን ስቶርኪፐር

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

በድርጅቱ የሥራ ደንብ መሠረት የሥራ መግቢያ ሰዓት ጠዋት 2:00 ሲሆን፣ ከ2:10 በኋላ ያለ ፈቃድ የገባ ሠራተኛ እንዳረፈደ ይቆጠራል። እርስዎ በሚከተሉት ቀናት ያለ ፈቃድ አርፍደው ገብተዋል፦

ኅዳር 7 (ዓርብ) 2:25
ኅዳር 21 (ዓርብ) 2:21
ኅዳር 24 (ሰኞ) 2:32
ታኅሣሥ 1 (ሰኞ) 2:23
ታኅሣሥ 8 (ሰኞ) 2:27

ሰዓቶቹ የተወሰዱት ከጥበቃ የቁልፍ ርክክብ መዝገብ ነው። በእነዚህ ቀናት መጋዘኑ ባለመከፈቱ የጠዋቱ ጭነት ዘግይቷል።

ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎት ፈርመዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አርፍደዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በተደረገው ውይይት የቤተሰብ ምክንያት እንዳለዎት ገልጸዋል። ምክንያቱን ተረድተናል፤ ሆኖም አስቀድሞ ያልተነገረና ፈቃድ ያልተጠየቀበት ስለሆነ ማርፈዱን አያስቀርም።

በመሆኑም በሥራ ደንቡ መሠረት ይህ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ከዛሬ ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት ዳግም ካረፈዱ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈዱ ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት የሥራ ውልዎን ሊያቋርጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ለስድስት ወር ይጸናል።

ለማርፈድ የሚያስገድድ ሁኔታ ሲገጥምዎ እስከ ጠዋቱ 1:30 ለቅርብ ኃላፊዎ በስልክ ወይም በጽሑፍ ያሳውቁ። በዚህ ደብዳቤ ላይ ቅሬታ ካለዎት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።

ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጻፈልዎት ደብዳቤ ተሽሯል፤ በእርሱ ላይ የተጠቀሰው የደመወዝ ቅነሳ ተፈጻሚ አይሆንም።

ደብዳቤው እንደደረሰኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ፊርማዬ በይዘቱ መስማማቴን አያሳይም።
ስም ............ ፊርማ ............ ቀን ............

ግልባጭ፦ ለኦፕሬሽን ክፍል፤ ለግል ማኅደር

ስለ ደብዳቤው ጥቂት ማብራሪያ ይጠቅማል። «ግድየለሽነት» የሚል ቃል የለበትም። ግድየለሽ መሆኑን ማስረዳት አይቻልም፤ 2:32 መግባቱን ግን ይቻላል። «ከፍተኛ ኪሳራ» የሚለውም ወጥቷል፤ ስንት ብር እንደከሰርን ማንም አላሰላም። የሰዓቱ ምንጭ ተጽፏል፤ ማሽኑ ሲቀድም እንደነበር ሁሉም ስለሚያውቅ ያንን ካልጻፍን ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል። ቀጣዩ እርምጃ በስሙ ተጠርቷል። አንድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ካላወቀ ማስጠንቀቂያው ማስጠንቀቂያ አይሆንለትም።

ከፊርማው በላይ ያለችው አጭር መስመር ከሁሉ በላይ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሠራተኛ የማይፈርመው «ከፈረምኩ አመንኩ ማለት ነው» ብሎ ስለሚያስብ ነው። እምቢ ካለ ደግሞ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይነበብለታል፣ አንድ ቅጂ ይሰጠዋል፣ ምስክሮቹ «ደብዳቤው ቀርቦለት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርማሉ። ለዚህ ሰው አላስፈለገም። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ግልባጩ ለዋና ሥራ አስኪያጁ አይሄድም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። አይሄድም አልነው። ፈረመ። ቅሬታም አላቀረበም።

የሰዓቱ ማስተካከያ፦ ያልሠራውና የሠራው

ማስተካከያው በተለየ ወረቀት ተጻፈ። ሰኞና ዓርብ መግቢያው 2:30፣ መውጫው ከ11:00 ወደ 11:30 ሆነ። የቀኑ ስምንት ሰዓት አልተነካም። በእነዚህ ቀናት በሩን ረዳቱ ይከፍታል፤ ሁለተኛ ቁልፍ በፊርማ ተረከበ።

ጥሩ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ምንም አልተለወጠም። በሩ 2:00 ላይ ይከፈታል፤ መኪናው ግን እስከ 2:35 ቆሟል። ለምን? ረዳቱ ቁልፍ እንጂ ሥልጣን አልተሰጠውም። ዕቃ ማውጫው ላይ የሚፈርመው ስቶርኪፐሩ ብቻ ነው። ረዳቱ ደግሞ «ጉድለት ቢመጣ በእኔ ነው» ብሎ አንድ ካርቶን አላንቀሳቅስም አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልነካም።

ሒሳብ ክፍል የፊርማ ሥልጣን ለሁለት ሰው መስጠት አልፈለገም። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ስቶርኪፐሩ ነው። የሰኞን የመጀመሪያ ጭነት ቅዳሜ ከመውጣቱ በፊት፣ የዓርቡን ደግሞ ሐሙስ ማታ ቆጥሮ በር አጠገብ ያስቀምጣል፤ ማውጫውንም ያኔውኑ ይፈርማል። ጠዋት ረዳቱ በማውጫው መሠረት ያስጭናል፤ ሾፌሩ ይረከባል። ከዚያ በኋላ የሰኞና የዓርብ መኪና ከሌሎቹ ቀናት ቀድሞ መውጣት ጀመረ። ኃላፊው አሠራሩን በሳምንቱ ቀናት ሁሉ እንዲሆን አደረገው። ይህ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጠበቅ ውጤት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ሳይሆን ቆይቶ ነበር። ታኅሣሥ 19 ዓርብ ነው፤ 2:38 ላይ ገባ። «አሥር ደቂቃ ይታገሳል አይደል፣ እስከ 2:40 እችላለሁ» አለ። ኃላፊው ደግሞ «ግማሽ ሰዓት ተጨምሮልህ ደግሞ አሥር ደቂቃ?» አለ። ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይልም። ወረቀቱ ዝም ካለ ትርጉሙ ለሠራተኛው ይጠቅማል፤ ያ ቀን አልተቆጠረም። በማግስቱ አንድ መስመር ጨመርን፦ «በተስተካከለው ሰዓት ላይ ተጨማሪ ደቂቃ አይታሰብም።» እሱም ፈረመበት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ስድስት ወር

ጥር 13 ሰኞ 2:50 ላይ ገባ። ቀጥታ አርፋጅ ብለን ልንመዘግብ ነበር፤ ግን በዚያው ጠዋት ከአያት መስመር የሚመጡ ሌሎች ሦስት ሠራተኞችም ዘግይተዋል። ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ደግሞ ከ1:30 በኋላ ቢሆንም ደውሏል። ለአራቱም አልተቆጠረም። አንዱን ቆጥሮ ሦስቱን መተው አይቻልም።

ጥር 20 ያለ ምክንያት 2:46 ገባ። ይህ ተቆጠረ፤ በውጤቱም በደንቡ መሠረት የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ኃላፊው «አንድ ቀን ነው፤ ይለፍ» ብሎ ነበር። ደብዳቤው «ዳግም ካረፈዱ» ስለሚል ማለፍ አልተቻለም። ካለፍነው ያ መስመር ለሌላውም ሠራተኛ ዋጋ ያጣል። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ቀንና ከስምንቱ አንዱ መሆኑን ብቻ ይላል። በዚህ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። ፈርሞ ሳይሰናበት ወጣ። ለተወሰኑ ሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም።

ከዚያ በኋላ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ውስጥ አንድ ጊዜ አረፈደ። በጠቅላላው ሦስት ሆነ። ወደ ስምንት አልተጠጋም። ስለ ስንብት ያነሳ ሰውም አልነበረም።

የአሻራ ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር ተያያዘ። በየወሩ መጀመሪያ ሰዓቱ ከስልክ ጋር እየተመሳከረ ቅጽ ላይ ይፈረማል። ይህን ያደረግነው ለእሱ ብለን አይደለም። በዚያ ስድስት ደቂቃ ስንት ሰው በቃል እንደተወቀሰ ስናስብ ቅር ስላለን ነው።

ሌላ ድርጅት ሊወስደው የሚችለው

ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ዝርዝሩን ለሠራተኛው ማሳየት ጊዜ ያባክናል የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። እዚህ ጉዳይ ላይ ሠራተኛውን ያናገርንበት አንድ ከሰዓት ዘጠኙን ወደ አምስት አወረደው። አራቱ የተሳሳቱ ቀናት ደብዳቤው ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ትክክለኞቹን አምስቱንም ይዘዋቸው ይወድቁ ነበር። ቀኖቹን ከነሳምንቱ ቀን መጻፍም ቀላል ነገር ይመስላል፤ ምክንያቱን ያወጣው ግን እሱ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቀን የሚያረፍድ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ነገር አለው። ቀኑ ዝብርቅርቅ ያለበት ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ የሰዓት ማስተካከያ አይሠራም።

ኅብረት ስምምነት ያለበት ድርጅት መጀመሪያ እሱን ያንብብ። ስለ ቅጣት ደረጃዎችና ስለ በቂ ምክንያት የተለየ ነገር ሊል ይችላል፤ የእኛ ድርጅት ማኅበር ስላልነበረው ደንቡ ብቻ በቂ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ሲያበቃም ማብቃቱን መቀበል ያስፈልጋል። ሰኔ 12 የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስድስት ወሩ ሞላ፤ የመጨረሻው ደግሞ ሐምሌ 20። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስቶርኪፐሩ እንደገና ሦስት ጊዜ አረፈደ። ልጁ ለክረምት ቤት ነበር፤ የባለቤቱ ተረኛነትም ተቀይሯል፤ ስለዚህ የቤተሰቡ ምክንያት አልነበረም። ኃላፊው የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ይዞ መጣ። «ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው፤ አሁን ቀጣዩ ምንድን ነው?» አለ። ቀጣዩ የቃል ማስጠንቀቂያ ነው አልነው። ቅጹን ሰጠነው፤ ሦስቱን ቀናት ከነሰዓታቸው ሞላና ሠራተኛውን አስጠራው።